የሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በእርሳስ የምታሰምሩባቸው ቦታዎች

«ሰኞ ግቢ፣ ውሉን እዚያው ትፈርሚያለሽ።» ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህንን ነው። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ይመጣል፣ እስክሪብቶ ይሰጣል፣ ፈራሚው ደግሞ በደስታ ብዛት የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ይገልጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሚጻፈው ባልተነበቡት ገጾች ነው።

እኔ ለረጅም ጊዜ የሠራሁት ሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ውል አስፈርሜያለሁ። ውሉን ወደ ቤት ወስጄ ላንብበው ያለኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። በቅርቡ የእህቴ ልጅ ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ በሚያከማች አንድ መጋዘን ውስጥ የስቶር ሠራተኛ ሆና ልትቀጠር ስትል ውሉን ይዛ መጣች። አራት ገጽ ነው። አብረን ቁጭ ብለን እርሳስ ይዘን አነበብነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያው ቅደም ተከተል ነው፤ የእሷም ውል እንደ ምሳሌ ያገለግለናል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የምናወራው የግል ድርጅት ውስጥ ስለሚቀጠር ሰው ነው። የሚገዛውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሌላ ሕግ አለው። አዋጁን ፒዲኤፉን ስልካችሁ ላይ ጫኑት፤ ነጋሪት ጋዜጣው ላይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሚታተም ለማንበብ አይከብድም።

1. ወረቀቱን ከመፈረሚያው ቀን በፊት እጃችሁ አስገቡ

አሠሪን መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው አለ። ነውር የለውም። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ጋሼ፣ ዛሬ ይዤው ልሂድና ነገ ጠዋት ፈርሜ አመጣለሁ።» ወረቀቱን አናስወጣም ካሉ በስልክ ፎቶ አንሱት። ፎቶም አይቻልም የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ፤ ምን የሚደብቁት ነገር አለ ብላችሁም ጠርጥሩ።

ውሉ ውስጥ «ዝርዝሩ በድርጅቱ የውስጥ ደንብ መሠረት ይሆናል» የሚል ነገር ካለ ደንቡንም ጠይቁ። ያላነበባችሁትን ደንብ አውቄ ተቀብያለሁ ብላችሁ ልትፈርሙ ነውና። ውሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ የማይገባችሁን አንቀጽ በአማርኛ እንዲያስረዷችሁ አድርጉ፤ ማብራሪያውንም ኅዳጉ ላይ ጻፉት።

የሕጉን አንድ መሠረት ከያዛችሁ ቀሪው ቀላል ነው። አንቀጽ 4 ላይ የሥራ ውል በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ከተቀመጠው ያነሰ ሁኔታ ለሠራተኛው መወሰን እንደሌለበት ተጽፏል። ስለዚህ ውሉ ከሕጉ የተሻለ ቢሰጣችሁ ይጸናል። ከሕጉ ዝቅ ካለ ግን ፈርማችሁም ቢሆን ሕጉ ይበልጣል። «ፈርመሻል እኮ!» የሚለው ማስፈራሪያ ሁልጊዜ አይሠራም። ያም ሆኖ በኋላ ፍርድ ቤት ከመመላለስ አሁን አንድ መስመር ማስተካከል ይሻላል።

2. የሙከራ ጊዜውን በሥራ ቀን ቁጠሩት

የእህቴ ልጅ ውል «የሙከራ ጊዜው 3 ወር ነው» ይላል። ይህ እኛ አገር ብዙ ቦታ የተለመደ አጻጻፍ ነው። የቀድሞው አዋጅ 45 ተከታታይ ቀን ነበር የሚፈቅደው፤ አሁን ያለው ግን ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም ይላል። ቆጠራው የሚጀምረው ሥራ ከተጀመረበት ከመጀመሪያው ቀን ነው።

60 የሥራ ቀን ስንት ነው? በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ይፈጅበታል። ሰኞ ከጀመረ 60ኛው ቀን በ10ኛው ሳምንት ቅዳሜ ይውላል። በመሃል ሁለት የበዓል ቀን ከገባ ወደ 11ኛው ሳምንት ማክሰኞ ይገፋል። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ 12 ሳምንት ይወስድበታል። ሦስት ወር ግን በወር 26 የሥራ ቀን ብናስብ 78 ቀን ነው። ከሕጉ 18 ቀን ይበልጣል።

እነዚህ 18 ቀናት ምን ያመጣሉ? በሙከራ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ካልሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ሊያሰናብተው ይችላል። ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ከ60ኛው ቀን በኋላ ግን ነገሩ ይቀየራል። በ65ኛው ቀን «አልተመቸሽንም፣ ነገ እንዳትመጪ» የተባለች ሠራተኛ የሙከራ ሠራተኛ አይደለችም። ሕጋዊ ምክንያት ሊነገራት፣ በምክንያቱም ዓይነት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጣት ይገባል። አገልግሎቷም የሚቆጠረው ሙከራውን ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ነው።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገር ተመልከቱ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ የለም። በቃል «ለሦስት ወር እናይሃለን» ማለት ሙከራ አይሆንም። ሁለተኛ፣ እዚያው ድርጅት በዚያው ሥራ ቀድሞ የሠራ ሰው ተመልሶ ሲቀጠር እንደገና ሙከራ አይገባም። ሙከራው ሊያልቅ ሲል አሰናብቶ በሳምንቱ እንደ አዲስ መቅጠር የሚወድ አለ፤ ይህን በር ሕጉ ዘግቶታል። ሦስተኛው ውሉ ዘግይቶ ሲመጣ ነው። ሰው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይገባል፣ ውሉ በወሩ መጨረሻ ይቀርብለታል፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቀን የፊርማው ቀን ይሆናል። ሦስት ሳምንቱ ከሙከራውም ከአገልግሎቱም ተሰረዘ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን «ሥራ የጀመረችበት ቀን» የሚል መስመር አስጨምሩ። እስከዚያው የአቴንዳንስ ወረቀቱን ፎቶ አንሱ።

የሙከራ ሠራተኛ መብት የለውም የሚባለውን አትስሙ። ሕግ ወይም ደንብ ለይቶ ካላስቀረ በቀር ሙከራውን ከጨረሰው ሠራተኛ እኩል መብት አለው። ትርፍ ሰዓት ከሠራ ይከፈለዋል።

3. የትርፍ ሰዓቱን አንቀጽ በካልኩሌተር አንብቡት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ገንዘቡ በዝምታ የሚሄደው እዚህ ነው።

የልጅቷ ውል የሥራ ሰዓቱን እንዲህ ያስቀምጠዋል፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ አከፋፈል አይገርምም። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል፤ የሕጉም ጣሪያ ይኸው ነው። እስከዚህ ችግር የለም።

ችግሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። አንደኛው፦ «ወርሃዊ ደመወዝ ብር 10,400 ሲሆን የትርፍ ሰዓት ክፍያን ያካትታል።» ሁለተኛው፦ «ሠራተኛዋ በታዘዘች ጊዜ ሁሉ ትርፍ ሰዓት ለመሥራት ተስማምታለች።»

ከመጀመሪያው እንጀምር። ትርፍ ሰዓት ከደመወዝ በተጨማሪ የሚከፈል ነው። ሕጉ ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም የትርፍ ሰዓት ክፍያን ከደመወዝ ውስጥ አላስገባውም። የክፍያው ልክም ተቀምጧል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ከዚህ በላይ መስማማት ይቻላል።

አሁን የልጅቷን እናስላ። በመጀመሪያ የአንድ ሰዓት ዋጋዋን እናውጣ። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 10,400 ብር ለ208 ሲካፈል በሰዓት 50 ብር ነው።

እዚያ የሚሠሩ ልጆች የነገሯት እንዲህ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይቆያሉ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የጭነት መኪና በሌሊት ይገባና ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያራግፋሉ። በወር አንድ እሑድ ቆጠራ አለ፣ 6 ሰዓት ይፈጃል።

የምሽቱ በሳምንት 6 ሰዓት ነው። አንዱ ሰዓት በ75 ብር 450 ብር ይሆናል። የሌሊቱ 2 ሰዓት ነው፤ በ87 ብር ከ50 ሲሰላ 175 ብር። በሳምንት 625 ብር መጣ። በአራት ሳምንት 2,500 ብር። የእሑዱ 6 ሰዓት በ100 ብር 600 ብር። ጠቅላላው በወር 3,100 ብር፣ ግብር ሳይነሳለት።

ከደመወዟ አንድ ሦስተኛ ሊሞላ ምንም አልቀረው። «ያካትታል» የምትለው አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ትውጣለች። ልጅቷ ሒሳቡን ስታይ «አጎቴ፣ በዓመት እኮ ከ37 ሺህ በላይ ነው!» ብላ ጮኸች። ልክ ናት።

ምን ይደረግ? ያንን ሐረግ አሠርዙና በምትኩ «የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ በተጨማሪ ይከፈላል» አስብሉ። አሠሪው በየወሩ ማስላት ካሰለቸው በቁርጥ ሊከፍል ይችላል። ነገር ግን ቁርጡ ለስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ፣ ከመደበኛው ደመወዝም ተለይቶ ይቀመጥ፣ በሕጉ ስሌት ከሚመጣውም አይነስ። ከዚያ በላይ የተሠራው ለብቻው ይሰላል።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንሂድ። «በታዘዘች ጊዜ ሁሉ» የሚለው ከሕጉ ይሰፋል። ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ የሚገደደው አሠሪው ሌላ መፍትሔ ሲያጣና የተወሰኑ ሁኔታዎች ሲያጋጥሙ ነው፦ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲከሰት፣ በአስቸኳይ መሠራት ያለበት ሥራ ሲኖር፣ ወይም ሳይቋረጥ መሄድ ያለበት ሥራ ላይ የነበረ ሠራተኛ ቀርቶ መተካት ሲያስፈልግ። ጣሪያም አለው፦ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የልጅቷ የሳምንቱ 8 ሰዓት ከጣሪያው በታች ነው። መኪና የበዛበት ሳምንት ግን በቀላሉ ያልፈዋል።

ሰው የማያየው ሌላ ነገር አለ፤ የቀትሩ ክፍተት። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለው አራት ሰዓት የማን ነው? ቤቷ ሄዳ የምታርፍበት ከሆነ የራሷ ነው። «ከግቢ አትውጪ፣ መኪና ሊመጣ ይችላል» ከተባለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሕጉ የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም ነው። ግቢ ውስጥ መኪና የምትጠብቅ ሠራተኛ ለሥራ ዝግጁ ናት። ስለዚህ ውሉ ላይ «በቀትር ዕረፍት ሠራተኛዋ ከሥራ ቦታ የመውጣት ነፃነት አላት» የሚል አስገቡ። ማናጀሩ በዚህ ካልተስማማ ያ ጊዜ እንደሚቆጠር ይጻፍ።

ትርፍ ሰዓት የሚሆነው በአሠሪው ትእዛዝ የተሠራ ሲሆን ነው። በራሳችሁ ፈቃድ ብታመሹ ማስከፈል ይከብዳል። ስለዚህ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁን። የቴሌግራም መልእክትም ይጠቅማል፤ «ዛሬ እስከ 3 ቆዩ» የምትለዋን አታጥፏት። ትንሽ ደብተር ይዛችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያዘዛችሁን ሰው ጻፉ።

በመጨረሻም የማዕረጉን ስም እዩ። አንዳንድ ውል ላይ «ሠራተኛው የሥራ መሪ ነው» የሚል ተሰንቅሮ ይገኛል። የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፣ ስለዚህ የትርፍ ሰዓቱም የማስጠንቀቂያውም ሕግ ያመልጠዋል። የሥራ መሪ የሚያሰኘው ግን ስሙ አይደለም፣ ሥልጣኑ ነው፦ የድርጅቱን ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት። ከሁለት ረዳት ጋር ካርቶን የሚቆጥርን ሰው «ስቶር ማናጀር» ስላሉት የሥራ መሪ አይሆንም። ቢሆንም ሐረጉን አስወጡት፤ በኋላ ከመከራከር ያድናል።

4. ማስጠንቀቂያው በሁለቱም በኩል ስንት ነው?

የልጅቷ ውል «ሠራተኛዋ ሥራ ለመልቀቅ ስትፈልግ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች፤ ይህን ካላደረገች የ6 ወር ደመወዝ ትከፍላለች» ይላል። በሌላ በኩል ድርጅቱ «በ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል»።

ሁለቱም ከሕጉ ጋር አይሄዱም። ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን ሳይሰጥ ከሄደም የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ለልጅቷ ይህ ቢበዛ 10,400 ብር ነው። የውሉ ስድስት ወር ግን 62,400 ብር ይመጣል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሰውን አስፈርቶ ለማስቀመጥ የሚጻፍ ነው።

አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ደግሞ በመጀመሪያ በሕግ የታወቀ ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል። ጊዜው በአገልግሎት ዘመን ይወሰናል፦ ሙከራውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት የሠራ የ1 ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት የ2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ የ3 ወር። በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ሙከራውን የጨረሰ ሁሉ የ2 ወር ያገኛል። ስለዚህ 15 ቀን የሚባል ነገር የለም።

እናንተ ስትለቁ ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን አስገቡ፣ ሌላው ላይ «ገቢ» አስብላችሁ ቀንና ማህተም አስመቱ። በቃል «እለቃለሁ» ብሎ ከ30 ቀን በኋላ መጥፋት ማስጠንቀቂያ መስጠት አይባልም። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩት። የመጨረሻ ሒሳባችሁ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የድርጅቱን ንብረት ሳትመልሱ ከዘገያችሁ ግን መዘግየቱ በእናንተ ይሆናል። ስለዚህ ክሊራንሱን ቶሎ ጨርሱ።

ከውሉ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የዋስትና ወረቀትም አለ፤ በተለይ ገንዘብና ዕቃ የሚይዝ ሠራተኛ ላይ። ዋስ የሚሆነው አጎት ወይም የአባት ጓደኛ ነውና ለእሱም አስቡለት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» ብሎ ባዶ ቦታ የተተወበት ወረቀት ላይ ማንንም አታስፈርሙ፤ ቦታው በኋላ ይሞላል። ዲግሪያችሁን ወይም ዲፕሎማችሁን ደግሞ ኦሪጅናሉን አታስይዙ። አሳይታችሁ ኮፒውን ስጡ።

5. «ከለቀቅሽ በኋላ ተመሳሳይ ሥራ አትሠሪም»

የአለመወዳደር ግዴታ የሚባለው ይህ ነው። በልጅቷ ውል ላይ እንዲህ ሰፍሯል፦ «ሠራተኛዋ ከድርጅቱ ከለቀቀች በኋላ ለ3 ዓመት በኢትዮጵያ ውስጥ በተመሳሳይ የሥራ ዘርፍ አትቀጠርም፤ ብትቀጠር ብር 200,000 ትከፍላለች።»

እስቲ አስቡት። ድሬ የደረቅ ወደብ ከተማ ናት። ነፃ የንግድ ቀጠና አላት፣ የባቡር ጣቢያ አላት፣ ትራንዚተሩና መጋዘኑ ብዙ ነው። የስቶር ሠራተኛ ከአንዱ መጋዘን ወጥታ የት ልትሄድ ነው? ሌላ መጋዘን ነዋ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከሥራ ከለቀቁ በኋላ ስላለው ውድድር የተለየ አንቀጽ አላስቀመጠም። ጉዳዩ የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውል ክፍል ነው። የዚያ መንፈስ እንዲህ ነው፦ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት የአሠሪውን ደንበኞች ወይም የንግድ ምሥጢር የሚያውቅ ከሆነ እንዲህ ያለ ስምምነት ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በጊዜ፣ በቦታና በሥራ ዓይነት የተወሰነ መሆን አለበት። ሰውየውን እንጀራ የሚያሳጣ መሆን የለበትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ማንም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል።

ስለዚህ ይህን አንቀጽ ስታነቡ በመጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ የማውቀው ምሥጢር ምንድን ነው? የሽያጭ ሠራተኛ የደንበኛ ስምና ዋጋ ያውቃል፤ ለእሱ ገደቡ ትርጉም አለው። ካርቶን የምትቀበልና የምታስረክብ ልጅ የምትሸሽገው ያን ያህል ነገር የላትም። ለእሷ የሚበቃት የምሥጢር መጠበቅ አንቀጽ ነው፤ እሱን ብትፈርም ምንም አይጎዳትም። ደመወዝ እየበሉ ለሌላ ተወዳዳሪ አለመሥራትም ተገቢ ነው። የሚጎዳው ከለቀቁ በኋላ የሚከተለው ሰንሰለት ነው።

ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ሦስቱን ነገር አጥብቡት። ጊዜው ከ3 ዓመት ወደ 6 ወር። ቦታው ከኢትዮጵያ ወደ ድሬዳዋ ከተማ፤ እንዲህ ሲሆን ሐረር ወይም ጅግጅጋ መሥራት ይቻላል። የሥራው ዓይነት «ተመሳሳይ ዘርፍ» ከሚለው ወደ «በሥራ ላይ ያወቀቻቸውን የድርጅቱን ደንበኞች ወደ ተወዳዳሪ ማዛወር»። በተጨማሪም «ድርጅቱ ያለ ሠራተኛዋ ጥፋት ካሰናበተ ግዴታው ይቀራል» የሚል አስጨምሩ። አሰናብቶኝ ደግሞ ሥራ እንዳልሠራ ቢከለክለኝ በጣም ያሳዝናላ። ቅጣቱን በተመለከተ 200,000 ብር ከደመወዟ የ19 ወር በላይ ነው። ቁጥሩን አስወጥታችሁ «የደረሰው ጉዳት በማስረጃ ሲረጋገጥ» በሚል ተኩት።

ስፖንሰር አድርጎ ያሠለጠነ ድርጅት የሚያስፈርመው የማገልገል ግዴታ ከዚህ ይለያል። እዚያ ላይ የሥልጠናው ወጪ በቁጥር ይጻፍ፣ ባገለገላችሁት ወር ልክ እየተቀነሰ እንደሚሄድም ይገለጽ።

6. እንዴት ማስቀየር ይቻላል?

አራት ገጹን ሁሉ ይዞ ገብቶ መከራከር አያዋጣም። ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ምረጡ። የሕጉን አንቀጽ ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጻፉ፦ ለሙከራ 11፣ ለሠራተኛው ማስጠንቀቂያ 31፣ ለአሠሪው ማስጠንቀቂያ 35፣ ለትርፍ ሰዓት ከ66 እስከ 68። ሰው ኃይል ክፍል ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለውም፤ የሚያስፈርመው ከሌላ ድርጅት የተቀዳ አሮጌ ውል ነው። ከሙከራው ብትጀምሩ ጥሩ ነው፤ ቁጥር ስለሆነ ክርክር የለውም። ከዚያ ትርፍ ሰዓቱ፣ ከዚያ ውድድሩ።

የእህቴ ልጅ ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ «ጋሼ፣ ውሉን አንብቤዋለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምሠራው፤ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ከአዋጁ ጋር አልገጠመልኝም» አለች። የሙከራው 3 ወር ወዲያውኑ በእጅ ተሰርዞ «60 የሥራ ቀን» ተባለ። «ያካትታል» የምትለው ደግሞ ትንሽ ስልክ ከተደወለ በኋላ ወጣች። የአለመወዳደሩ አንቀጽ አልወጣም፤ ወደ 6 ወርና ወደ ድሬዳዋ ጠበበ። የ6 ወር ደመወዝ ቅጣቱን አላነሳችውም። እሱን ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ፤ ከሕጉ በላይ ስለሆነ ቢጠይቋትም ከ30 ቀን ደመወዝ አያልፍም። ሥራውን ማጣት የለባትም ብዬ ነው። እናንተ ሌላ ምርጫ ልትመርጡ ትችላላችሁ።

በእጅ የተሰረዘ ነገር ካለ ከጎኑ ሁለታችሁም አጭር ፊርማ አኑሩ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ፊርማ ብቻ አይበቃም። ገጹ ሁሉ ይፈረምበት። ባዶ መስመር ካለ በሰረዝ ዝጉት። ማህተም ያለበት አንድ ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። «ኋላ እንሰጥሻለን» ካሉ እዚያው ፎቶ አንሱት። ውሉ ጨርሶ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ጽፎና ፈርሞ የመስጠት ግዴታ አለበት። ያን ባያደርግም መብታችሁ አይቀርም።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ችግር ቢመጣ መጀመሪያ የከተማ አስተዳደሩን የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች አማክሩ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ክስ ሲያቀርብ የዳኝነት አይከፍልም። ነገር ግን ጊዜ አለው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ያለ አግባብ ተሰናብቼ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው ያለው። የልጅቷ ደብተር ላይ የጥቅምት ትርፍ ሰዓት ካለና የጥቅምት ደመወዝ በወሩ መጨረሻ የሚከፈል ከሆነ፣ ስድስት ወሩ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይዘጋል ማለት ነው።